የሆድ ጨርቅ፦ አንድን የሥራ ጉርድ ቀሚስ ከአምስተኛው ወር እስከ ወሊድ ፈቃድ የማድረስ አሠራር

በእርግዝና ወራት የቢሮ ልብስ ጠበብ ሲል አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናደርገው በቁጥር አንድ ወይም ሁለት ከፍ ያለ ልብስ መግዛት ነው። ውጤቱ ግን እንደታሰበው አይሆንም፤ ምክንያቱም የሚያድገው ሆድና ደረት እንጂ ትከሻ፣ ክንድና የእጅጌ ርዝመት አይደለም። ትልቅ ቁጥር ያለው ሸሚዝ ከትከሻ ላይ ይወርዳል፣ ትልቅ ቁጥር ያለው ጉርድ ደግሞ ከኋላ ከረጢት ሠርቶ ከፊት ግን ያው ይጠባል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ልብሱን ሁሉ ከማስፋት ይልቅ፣ ቀድሞ በልክዎ የተሠራውን የሥራ ጉርድ ከፊት ለፊት ብቻ ከፍቶ በሚለጠጥ ጨርቅ በመተካት ላይ ያተኩራል። ሥራውን ባሕር ዳር ውስጥ ኦቨርሎክና ዚግዛግ የሚሠራ መኪና ያለው ማንኛውም ልብስ ሰፊ በግማሽ ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ አስቸጋሪው መስፋቱ ሳይሆን ልኩንና ጊዜውን ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ልብሱ እስከ መቼ ማገልገል እንዳለበት ይወስኑ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ይህም ማለት የሥራ ልብስ የሚያስፈልግዎ እስከ 36ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ለመጨረሻው ወር የቤት ቀሚስ ይበቃል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በምሠራበት ጊዜ የመውለጃ ቀኔ መስከረም መጀመሪያ ላይ ስለነበር፣ ጉርዱ የሚያዝያንና የግንቦትን ሙቀት፣ ቀጥሎም የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴ መጀመሪያን ዝናብ መሻገር ነበረበት። የእርስዎ ቀን በሌላ ወቅት ከሆነ የጨርቅ ምርጫዎ ሊለወጥ ይችላል እንጂ አሠራሩ አይለወጥም።

ከመቀስዎ በፊት ያሉት ወራት

ማሕፀን እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ከዳሌ አጥንት ውስጥ አይወጣም፤ ወደ እምብርት የሚደርሰው በ20ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወገብዎ የሚጠባብዎ በአብዛኛው በሆድ መነፋት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ልብስ መቅደድ አያስፈልግም። ከፊት ቁልፍ ያለው ሱሪ ወይም ጉርድ ካለዎት አንድ የፀጉር ላስቲክ በቁልፍ መግቢያው ውስጥ አሳልፈው ጫፉን በራሱ ውስጥ ከሳቡ በኋላ፣ የቀረውን ቀለበት በቁልፉ ላይ ይጠልፉት። ከላይ ረዘም ያለ ካናቴራ ሲለብሱ አይታይም። ዚፑ እየወረደ ካስቸገረ የዚፑን መጎተቻ በትንሽ መርፌ ቁልፍ ከጨርቁ ጋር ይያዙት፤ መርፌው ግን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ይዘጋ።

ይህ ብልሃት እስከ 18ኛው ሳምንት አካባቢ ያደርሳል። ቀለበቱ ከሦስት ጣት በላይ ሲለጠጥ ወይም ከተቀመጡ በኋላ በሆድዎ ላይ የቀላ መስመር ሲቀር ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ወገብን ማጥበቅ ምቾት ከመንሳቱ በተጨማሪ በብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ የሚታየውን ቃር ያባብሳል።

የሚቀደደውን ጉርድ መምረጥ

ይህ አሠራር ለማንኛውም ጉርድ አይሆንም። ዚፑ ከኋላ ወይም ከኋላ ጎን ያለ፣ ቀጥ ያለ ወይም በትንሹ የሚሰፋ፣ ርዝመቱም ቢያንስ ከጉልበት በታች የሚወርድ መሆን አለበት። የዚፑ ቦታ ዋናው ነገር ነው። የማይለጠጥ ጨርቅ በዳሌ ላይ ማለፍ የሚችለው ዚፑ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ፣ ከፊት ያለውን ክፍል ስንለውጥ የኋላው ዚፕ መሥራቱን መቀጠል ይኖርበታል። ዚፑ ከፊት ያለው ሱሪ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊቱን ቆርጠን በሚለጠጥ ጨርቅ ብንተካው ዚፑ አብሮ ይሄዳል፣ ሱሪውም ዳሌ ላይ ይቀራል። ሱሪ የግድ ከሆነ ጨርቁ ራሱ ሊክራ ያለው ይሁን፤ አለበለዚያ ልብስ ሰፊው በጎን በኩል አዲስ ዚፕ ማስገባት ይኖርበታል።

አንድ ነገር አስቀድመው ይቀበሉ፦ የተቆረጠው ጉርድ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የወጣውን ቁራጭ ካስቀመጡት በኋላ መልሶ ማሰፋት ይቻላል፤ ሆኖም ከፊት ቅስት የሆነ የስፌት መስመር ይቀራል፣ ሸሚዝ ከላይ ካልወረደበት በቀር ይታያል። ስለዚህ የሠርግ ጉርድዎን ይተዉት።

የሚለጠጠውን ጨርቅ መፈተን

የሚያስፈልገው የካናቴራ ዓይነት የጥጥ ጨርቅ ሲሆን በውስጡ ትንሽ ሊክራ ያለበት መሆን አለበት፤ ጥጥ 95 በመቶ፣ ሊክራ 5 በመቶ የሆነው በቂ ነው። ግማሽ ሜትር ለአንድ ጉርድ ይተርፋል። ብዙ ጊዜ ግን በቅዳሜ ገበያ ከጥቅል ላይ ተቆርጦ የሚሸጠው ጨርቅ ምልክት ስለሌለው ሻጩ ሁሉንም ‹‹ሊክራ ነው›› ይልዎታል። ስለዚህ እዚያው ይፈትኑት። በጨርቁ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር በሁለት ጣት ይያዙና በሜትር ላይ ይጎትቱት፤ ያለ ትግል 15 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለበት። ከዚያም በጣም አስፈላጊው ክፍል ይመጣል፦ ጎትተው ጥቂት ይያዙትና ይልቀቁት። ወደ 10 ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ 11 ላይ ከቀረ ግን በሁለተኛው ሳምንት ከፊት ይንጠለጠላል። ሊክራ የሌለው የካናቴራ ጨርቅ የሚለጠጠው በሹራብ አሠራሩ ብቻ ስለሆነ ይለጠጣል እንጂ አይመለስም።

ከመቁረጥ በፊት ጨርቁን በለብታ ውኃ ያጥቡና ያድርቁት። ጥጥ ስለሚጠብ፣ ይህን ያልተደረገለት ጨርቅ ከተሰፋ በኋላ በመጀመሪያው እጥበት ጉርዱን ከፊት ይሰበስበዋል። ቀለሙ ከጉርዱ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን አይድከሙ፤ ሸሚዝ ይሸፍነዋል። ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ይልቅ ጥጥ የመረጥኩት ለግንቦት ነው፤ ከሆድ ሥር ላብ ሲጠራቀም ቆዳ ያሳክካል፣ ከዚያም ሽፍታ ይሆናል።

ልክ መውሰድና መቁረጥ

ልኩን በ20ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከምግብ በኋላ፣ ቆመው ይውሰዱ። ጠዋት በባዶ ሆድ የተወሰደ ልክ ከሰዓት በኋላ አይሠራም። የእኔን ቁጥር እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የጉርዱ ወገብ ዙሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ፊቱ 40፣ ኋላው 40 ማለት ነው። በ20ኛው ሳምንት የሆዴ ዙሪያ በእምብርት ላይ 90 ሆነ። የኋላው 40 ስለማይነካ ከፊት የሚያስፈልገው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ፈቃድ በወጣሁበት ሰሞን ሆዴ 106 ደርሶ ነበር፤ 40 ሲቀነስ 66 ይቀራል። 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ 66 እንዲደርስ የሚጠየቀው ከራሱ ሢሶ ያህል ብቻ መለጠጥ ስለሆነ፣ በግማሽ የሚለጠጠው ጨርቅ ሳይጨነቅ ይወጣዋል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው፦ የዛሬውን የሆድ ዙሪያ ይውሰዱ፣ የጉርዱን የኋላ ወገብ ይቀንሱ፣ የቀረው የጨርቅዎ ስፋት ነው። ‹‹ወደፊት ስለምሰፋ›› ብለው አይጨምሩ፤ የተጨመረው ጨርቅ ዛሬ ይወርዳል።

ጉርዱን አንጥፈው በፊተኛው ክፍል ላይ በሳሙና ቁራጭ ቅስት ይሥሩ። ቅስቱ በግራና በቀኝ የጎን ስፌት ላይ ጉርዱ ላይ ከተሰፋው የወገብ ቀበቶ በታችኛው ጠርዝ ይጀምርና በመሃል ከቀበቶው 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ለብሰው ሲያዩት የቅስቱ መሃል ከሆድ ሥር፣ ሆዱ መውጣት ከሚጀምርበት ቦታ በታች ማረፍ አለበት፤ ሆዱ ላይ ከወጣ የማይለጠጠው ጨርቅ ይቆርጥዎታል። ከዚያ በኋላ የፊቱን ቀበቶና ከቅስቱ በላይ ያለውን ጨርቅ አንድ ላይ ይቁረጡ። የሚወጣው ቁራጭ በጎን 4 ሴንቲ ሜትር፣ በመሃል 16 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ታቹ እንደ ጣና ታንኳ ሆድ የጎበጠ ይሆናል። ይህን ቁራጭ አይጣሉት፤ የመቁረጫ ሞዴልዎ እሱ ነው።

የሚለጠጠውን ጨርቅ የበለጠ የሚለጠጥበት አቅጣጫ ወደ ጎን እንዲሆን አድርገው በሁለት ይጠፉት። ቁራጩንም በሁለት አጥፈው ከጨርቁ እጥፋት 5 ሴንቲ ሜትር አርቀው ያስቀምጡት። ጨርቁ ሲዘረጋ በመሃል 10 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ 40 የነበረው 50 ይሆናል። በታችና በጎን 2 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ አንዱ ለጨርቁ ስፌት፣ ሌላው ጉርዱ በስፌት የሚያጣውን ለመተካት ነው። በላይኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ በመሃል 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቅስት አድርገው ይጨምሩና፣ ከዚያ በላይ ለላስቲክ ማጠፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይተዉ።

ስለ ስድስቱ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ልብስ ሰፊዎች የሚከራከሩት በእሱ ላይ ነው። የእኔም ልብስ ሰፊ ቅስቱን አይቶ፣ ‹‹እህቴ፣ ይኼ እኮ ጠማማ ሆነ፤ ቀጥ ላድርግልሽ›› አለኝ። ‹‹ጋሼ፣ ሆዴ ያቀናዋል›› ብዬ አስተውኩት። ጨርቅ በጎበጠ ነገር ላይ ሲያልፍ ከቀጥታው የበለጠ ርዝመት ይፈጃል። ያ ርዝመት ከላይ ካልተሰጠው ከታች ይወስዳል፤ የጉርዱ ጫፍ ከፊት ወደ ላይ ተነሥቶ ከኋላ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሰባተኛው ወር አንዲት ሴት ከጎን ስትታይ ልብሷ የተበደረችው የሚያስመስለው ከስፋቱ ይልቅ ይህ የጫፍ መነሣት ነው።

ስፌቱ

የጉርዱን ቅስት መሃልና የሆድ ጨርቁን መሃል በመርፌ ቁልፍ ያገናኙ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ጎኖች ያገናኙ። የሆድ ጨርቁ የታች ጠርዝ ከቅስቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። ይህን ትርፍ በመሃል እንዲበተን አያድርጉት፤ በግራ 5፣ በቀኝ 5 አድርገው ከጎን ስፌቱ አጠገብ በትናንሽ ሽንሽን ይሰብስቡት። ሽንሽኑ ለሆዱ ከረጢት ይሠራል፣ ከሸሚዝ በታች ደግሞ አይጎላም። ጠርዙ በኦቨርሎክ ይታሰር።

የላይኛው እጥፋት በዚግዛግ መሰፋት አለበት። ቀጥ ያለ ስፌት ከጨርቁ ጋር አይለጠጥም። ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ጉርዴ ነው፤ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስገባ ክሩ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ሰማሁት፣ ቤት ስደርስ እጥፋቱ ግማሹ ተተርትሮ ነበር። ልብሱን ከልብስ ሰፊው ከመቀበልዎ በፊት እጥፋቱን በሁለት እጅዎ ይዘው በኃይል ይሳቡት፤ ክር የሚበጠስ ድምፅ ከሰሙ እዚያው ይመልሱለት። ስፌቱ እየዘለለ፣ እየተወ የሚሄድ ከሆነም ጥፋቱ የመርፌው ነው፤ ለካናቴራ ጨርቅ ጫፉ ክብ የሆነ መርፌ ያስፈልጋል፣ ሹሉ መርፌ ክሩን ይበሳል፣ ጨርቁም ኋላ ቀዳዳ ያወጣል።

በእጥፋቱ ውስጥ የሚገባው ላስቲክ በየመሃሉ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው፣ በልጆች ሱሪ ወገብ ውስጥ የምናየው ዓይነት ይሁን። ከጥቅል የሚሸጠው ካልተገኘ ከቦንዳ የልጅ ሱሪ ላይ ሊፈታ ይችላል፤ የእኔ ከዚያ የመጣ ነው። በኋላው ቀበቶ ሁለት ጫፎች ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ አንድ ጠፍጣፋ ቁልፍ ይተከልና የላስቲኩ ጫፎች በእነዚያ ይያዛሉ። በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ አንድ ቀዳዳ ይለቃሉ። ላስቲኩ ባይኖርም ጨርቁ ሆድዎ ላይ ይቆያል፤ ነገር ግን በ20ኛው ሳምንት ገና ያልተለጠጠ ስለሆነ በእግር ሲሄዱ ይንሸራተታል። በትክክል መሠራቱን የሚያውቁት ተቀምጠው ነው፦ ወንበር ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ በቆዳዎ ላይ የሚቀረው ምልክት ፈዘዝ ያለና ቶሎ የሚጠፋ መሆን አለበት።

ከላይ የሚለበሰው

ለዚህ ጉርድ የሚስማማው ላይ ልብስ የስፌቱን ቅስት የሚሸፍን ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ከትከሻ ጫፍ ጀምሮ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና ሊክራ ያለው ሦስት ካናቴራ፣ አንገቱ የተዘጋ ወይም መጠነኛ ክፍት የሆነ፣ ለሳምንት ይበቃል። ሸሚዞችዎን አይጣሉ፤ ደረት ላይ መቆለፍ ሲያቅታቸው ከላይ ሳይቆለፉ እንደ ቀላል ጃኬት ይለበሳሉ። ኮትዎም እንደዚሁ ነው። ትከሻው ልክዎ እስከሆነ ድረስ ሳይቆለፍ ይለብሱት፤ ለቢሮ ሥርዓት ያለው መልክ የሚሰጠው የትከሻው መስመር ስለሆነ ከፊት መከፈቱ አይጎዳውም። ትልቅ ኮት መግዛት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉም የባከነ ገንዘብ ነው። ሆዱን ለመሸፈን ወፍራም ሻርፕ መደረብም አላስፈላጊ ሙቀት ነው።

የጡት መያዣ ሲጠብ ወዲያው አዲስ አይግዙ። የጎድን አጥንት ዙሪያ በእርግዝና ስለሚሰፋ መጀመሪያ የሚጠበው ጀርባው ነው፤ ከኋላ የሚቀጠል ተጨማሪ መያዣ ጥቂት ወራት ያቆያል። የሚገዙ ከሆነ በመጨረሻው ላይ ለማጥባት የሚሆን ዓይነት ይግዙ።

ለሚያዝያና ለግንቦት አንድ ሙሉ ቀሚስም ቢኖር ይጠቅማል። ከደረት በታች የሚሰፋ፣ ፊቱ ከኋላው ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሆኖ ይሠራ። ይህ ትርፍ የሆድ ጨርቁ ስድስት ሴንቲ ሜትር ወንድም ነው። በጣና ዳር መንገድ ለሚመላለሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሰፊ ቀሚስን ስለሚያነሣ፣ ጫፉ ሰፋ ተደርጎ ቢታጠፍ ክብደት ያገኛል።

ክረምትና እጥበት

ከሰኔ ጀምሮ ጉርዱ ከቁርጭምጭሚት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ጭቃ አይነካውም፤ ባጃጅ ሲወጡና ሲወርዱም አይረገጥም። ጫማ ሊጠብ ስለሚችል የሚስተካከል ማሰሪያ ያለው ዝቅተኛ ጫማ ይመረጣል። እግር ማታ ማታ ማበጡ የተለመደ ነው፤ ፊትና እጅ በድንገት ካበጡ ግን፣ በተለይ ከብርቱ ራስ ምታት ወይም ከዓይን መደብዘዝ ጋር ከሆነ፣ የጫማ ጉዳይ ስላልሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የሆድ ጨርቁ ውኃ ስለሚይዝ በክረምት ቶሎ አይደርቅም። አይጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት። ሲያሰጡም በላስቲኩ በኩል አይስቀሉት፣ የእርጥቡ ጉርድ ክብደት ጨርቁን አስረዝሞ ያስቀረዋል፤ በጫፉ በኩል ገልብጠው ይስቀሉት። የጋለ ካውያ ሊክራውን ስለሚያደርቀው ከቅስቱ በታች ያለውን ብቻ ይተኩሱ። ሁለት ጉርድ ካለዎት አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል።

ከወሊድ በኋላ የወጣውን ቁራጭ ለመመለስ አይቸኩሉ። ሆድ በአንድ ጊዜ ስለማይገባ ወደ ሥራ ሲመለሱም ያው ጉርድ፣ ላስቲኩ ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ ተመልሶ፣ ጥቂት ወራት ያገለግላል። ቁራጩን ከተረፈው የሚለጠጥ ጨርቅና ከሁለት ትርፍ ቁልፍ ጋር በአንድ ፖስታ አድርገው በጉርዱ መስቀያ ላይ ይሰኩት።